የተሻገረው ታሪክ ባለቤት

ጥያቄ፦ «አንዳንዴ ሁለት የተለያዩ ተከታታይ ድራማዎች በአንድ ሳምንት ይገናኙና የአንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በሌላው ውስጥ ብቅ ይላል። እኔ የምከታተለው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ባላየው ይጎድልብኛል? ደግሞስ ታሪኩ በእርግጥ የየትኛው ነው?»

ከማብራሪያው በፊት መልሴን ላስቀምጥ። በአግባቡ የተጻፈ ክሮስኦቨር፣ ማለትም ያሉት ዓይነት የሁለት ተከታታዮች መገናኘት፣ አንደኛውን ተከታታይ ብቻ የሚያይ ሰው ሳይደናገር እንዲጨርሰው ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሌላውን ባያዩት የሚቀርብዎ ተጨማሪ ጣዕም እንጂ የታሪኩ ዋና አካል መሆን የለበትም። ባለቤትነቱን በተመለከተ ደግሞ እኔ የምመራበት መለኪያ አንድ ነው፦ በዚያ ክፍል የሆነውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ተሸክሞ የሚገኘው ማን ነው? ረጅም ሰዓት የታየው፣ ከሩቅ የመጣው ወይም ስሙ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ገጸ ባሕርይ የታሪኩ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ የሆነው ነገር ሕይወቱን ለውጦ የተወው ነው።

መለኪያው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ተከታታዮች አንድ ዓለም ቢጋሩም አንድ ሥራ አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱ ጸሐፊዎች፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ የቀረጻ ቡድንና የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። የአንድ ሰዓት ቦታ የሚይዝ የአሜሪካ ድራማ ማስታወቂያው ሲወጣለት ከ42 እስከ 44 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ አንዱን ክፍል ለመቅረጽ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት የሥራ ቀን ያህል ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ሲዝን በተለምዶ 22 ክፍሎች ነበሩት። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ የአንዱን ተከታታይ ዋና ተዋናይት ለሌላው መስጠት ማለት እሷ በሌለችባቸው ቀናት የራሷ ቤት የእሷን ትዕይንቶች ቀንሶ ወይም ቀደም አድርጎ ቀርጾ ይጠብቃታል ማለት ነው። እንግዳዋ የምትታይበትን ክፍል የሚጽፈው፣ ወጪውንም የሚሸፍነው ተቀባዩ ተከታታይ ነው፤ ሆኖም እሷን የሚያውቋት የራሷ ቤት ጸሐፊዎች በመሆናቸው በአፏ የሚገባው ንግግር በእነሱም ዓይን ቢታይ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ልማድ ዕቃ ከመዋስ የተለየ አይደለም፤ የተዋሱትን በነበረበት ሁኔታ ይመልሳሉ። ተቀባዩ ተከታታይ እንግዳዋን ሊያስለቅሳት፣ ሊያስቆጣት፣ ሊያጋጫት ይችላል፤ ክንዷን ሰብሮ፣ አጋብቶ ወይም ያላወቀችውን ምሥጢር አሳውቆ ሊመልሳት ግን አይችልም፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት የራሷ ተከታታይ ያንን የማያውቅ ተመልካች ፊት ይቀርባል። ለውጡ ሊያርፍ የሚችለው እንግዳው ላይ ሳይሆን አስተናጋጁ ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው ምሳሌ፣ በእኔ እይታ፣ «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» እና ከእሱ የተወለደው «ኤንጅል» እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ላይ የሠሩት ግንኙነት ነው። «ባፊ» በ1997 የጀመረ ሲሆን ቫምፓየሮችን እንድትዋጋ ስለተመረጠች ወጣት ይተርካል። ኤንጅል ደግሞ በእርግማን ነፍሱ ተመልሳለት በበደሉ የሚጸጸት ቫምፓየር ነው፤ ባፊን ይወዳታል፣ አብሯት መኖር ግን አይችልም፤ ስለዚህ ከተማዋን ሰኒዴልን ጥሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። የራሱ ተከታታይ የጀመረው በ1999 መኸር ነው። ሁለቱም በደብሊው ቢ ጣቢያ ማክሰኞ ማታ ተከታትለው ይተላለፉ ነበር፤ «ባፊ» በሁለት ሰዓት፣ «ኤንጅል» በሦስት ሰዓት። በዚህ አቀማመጥ የመጀመሪያው ሰዓት ተመልካች ወንበሩን ሳይለቅ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል፤ ጣቢያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ኖቬምበር 16 በተላለፈው የ«ኤንጅል» ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ራእይ የሚታየው ባልደረባው ዶይል ባፊ አደጋ ላይ መሆኗን ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ኖቬምበር 23፣ «ባፊ» ላይ ኤንጅል ሰኒዴል ደርሷል፤ ነገር ግን ተደብቆ ነው። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ያዩታል፣ እሷ ግን አታየውም። ባፊ በዚያ ሰዓት የምታስበው ለምስጋና ቀን ስላሰናዳችው ማዕድና ለበቀል ስለተነሣ መንፈስ ነው፤ ክፍሉን ከእጇ የሚነጥቃት የለም። ኤንጅልን ከዚያ ክፍል ቆርጠው ቢያወጡት የባፊ ታሪክ ቢሳሳ እንጂ አይፈርስም። ከዚያ ሁሉም ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሲበሉ ጓደኛዋ ዛንደር ሳያስበው ኤንጅል መጥቶ እንደነበር ከአፉ ያመልጠዋል። የባፊ ፊት ይለወጣል፤ ክፍሉም እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የመሸጋገሪያው ድልድይ ነች፤ ሥራዋን ልብ ብለው ይዩት። ለ«ባፊ» ተመልካች የቀኑን ሰላም የምታናጋ ጥሩ መዝጊያ ናት፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ቢተኛ እንኳ ባፊ ልትጠይቀው እንደምትሄድ ይገምታል፣ ሌላ የሚጎድለው የለም። «ኤንጅል»ን ብቻ ለሚያይ ደግሞ ይህች ዓረፍተ ነገር ጭራሽ አታስፈልገውም። እሱ ባለፈው ሳምንት ራእዩን አይቷል፤ አሁን ደግሞ ባፊ ቢሮው ድረስ መጥታ ተደብቆ በመምጣቱ እንደተቆጣች ራሷ ትነግረዋለች። በመካከል የዘለለው ሙሉ ሰዓት በቁጣዋ ጥቂት ቃላት ተሞላ። ጥሩ ጸሐፊ የጎደለውን መረጃ የሚያስገባው በዚህ ዓይነት ነው፤ መግለጫ መስጠት ሳይሆን፣ ሰው በተፈጥሮው የሚናገረውን ወቀሳ በአፉ ማድረግ። በተቃራኒው ሁለት ገጸ ባሕርያት ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ሲተራረኩ ከሰሙ ድልድዩ በደንብ እንዳልተሠራ ይወቁ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታሪኩን ባለቤት ያሳየናል። ገና ሲነጋገሩ አንድ ጋኔን መስኮት ሰብሮ ይገባል፤ በውጊያው ደሙ ከኤንጅል ደም ጋር ይቀላቀልና ኤንጅል ድንገት ሰው ይሆናል። ልቡ ይመታል፣ ፀሐይ አያቃጥለውም፣ ምግብ ይጣፍጠዋል። ሁለቱ ፍቅረኞች ለረጅም ጊዜ የተከለከሉትን አንድ ቀን አብረው ያሳልፋሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱም ተከታታዮች አደጋ ላይ ናቸው፦ ኤንጅል ሰው ሆኖ ከቀረ የእሱ ድራማ አለቀ፤ ባፊ ፍቅሯን አግኝታ ከተመለሰች ደግሞ የሷ ሲዝን የያዘው መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ነገር ግን ኤንጅል ሰው ሆኖ ሊዋጋላት እንደማይችል፣ በእሱም ምክንያት ልትሞት እንደምትችል ይረዳል። ስለዚህ የበላይ ኃይሎች ቃል አቀባይ ወደሆኑ ሁለት ፍጡራን ሄዶ ቀኑ ተመልሶ እንዲታጠፍ ይለምናል። ይፈቀድለታል፤ አንድ ነገር ግን ይከተለዋል። ያንን ቀን የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው።

መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ባፊ እንደማትረሳው እያለቀሰች ትነግረዋለች፤ ከዚያ ሰዓቱ ይመለሳል፣ ባፊም ጠቡን የጀመረችበት ቦታ ላይ ቆማለች። ጋኔኑ ይገባል፣ ኤንጅል ወዲያው ይገድለዋል፣ እሷም ተሰናብታ ትሄዳለች። ለእሷ ያ ጉብኝት የጥቂት ደቂቃ ደረቅ ንግግር ነው። የተዋሱት ዕቃ ሳይጫር፣ ሳይቆሽሽ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት «ባፊ» ይህን የሚያውቅ አንድም ገጸ ባሕርይ ሳይኖረው ይቀጥላል። ኤንጅል ግን በደረቱ ይዞት ይሄዳል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ እኩል ታይተዋል፣ ፍቅሩም የሁለቱ ነው፤ ታሪኩ ግን የኤንጅል ነው፤ መምረጡም፣ ማጣቱም፣ ማስታወሱም የእሱ ሆነዋልና።

አንዳንድ ተመልካቾች እንዲህ ያለውን «ቀኑ አልነበረም» የሚል አጨራረስ ማታለል ነው ይላሉ። ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ ሁሉም ቢረሳው ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። እዚህ ግን ዋጋው ተከፍሏል። ጸሐፊዎቹ ለውጡን ሙሉ በሙሉ አላጠፉትም፣ ባለቤቱ ትከሻ ላይ አስቀመጡት እንጂ። ክሮስኦቨርን ስመዝን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዋጋ ተከፍሏል ወይ፣ የከፈለውስ የቤቱ ሰው ነው ወይ።

ያው ሁለት ተከታታዮች በሚቀጥለው ዓመት የባለቤትነቱን ጥያቄ በገጸ ባሕርያቱ አፍ አስነሥተውታል። ፌይዝ የምትባል ሌላ ተዋጊ ባፊን ክፉኛ በድላ ሎስ አንጀለስ ትሸሻለች፤ ኤንጅል ደግሞ ንስሐ እንድትገባ ያስጠጋታል። ሜይ 2 ቀን 2000 በተላለፈው ክፍል ባፊ ተቆጥታ ትመጣለች። በራሷ ድራማ የተበደለችው እሷ ናት፣ ተመልካቿም ከጎኗ ነው። እዚህ ግን በአስተናጋጁ ዓይን ስትታይ ለአንዲት ነፍስ መዳን እንቅፋት ሆና ቆማለች። ኤንጅልም ነገሩ ስለ እሷ እንዳልሆነ፣ የእሱ ሥራ እንደሆነ በቀጥታ ይነግራታል። እኔ ይህን ትዕይንት ሳየው የምሰማው የሁለት ተከታታዮችን ድንበር ነው፤ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤት የምትሰፈሪው በእኛ ሚዛን ነው እንደማለት። ክፍሉም የሚዘጋው ፌይዝ በራሷ ፈቃድ ለፖሊስ እጇን ስትሰጥ ነው እንጂ ባፊ ፍትሕ ስታገኝ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ኤንጅል ይቅርታ ሊጠይቅ ሰኒዴል ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ከባፊ አዲስ ወዳጅ ጋር የሚጋጭ የሚያስቸግር እንግዳ እሱ ነው። ማን ልክ እንደሆነ የሚወስነው ማን ቤት እንዳለን ነው፤ ሁለቱም ክፍሎች በየቤታቸው እውነተኞች ናቸው።

ታሪኩ ለሁለት እኩል የሚከፈልበት ሁኔታ የለም ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ብርቅ ቢሆንም አለ፤ ኖቬምበር 14 ቀን 2000 በአንድ ምሽት ተከታትለው የተላለፉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። በ«ባፊ» ክፍል ስፓይክ የተባለው ቫምፓየር ባለፉት ዘመናት እንደ ባፊ የተመረጡ ሁለት ተዋጊዎችን እንዴት እንደገደለ ይተርክላታል። አንዱ ግድያ የተፈጸመው በ1900 በቻይና በቦክሰሮች ዓመፅ ጊዜ ነው። ስፓይክ በድል ሰክሮ ይወጣና ለሦስቱ ጓዶቹ ያበስራል፤ ከእነሱ አንዱ የጥንቱ ኤንጅል ነው። ኤንጅል ፊቱ ይከብዳል፣ ነገሩ እየሰለቸው እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ አራቱም በሚነድ መንገድ መካከል ጎን ለጎን ይራመዳሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ የኤንጅል ዝምታ ቅናት ይመስላል፤ ወጣቱ በለጠው ብለን እናልፋለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ በ«ኤንጅል» ያው መንገድ፣ ያው እሳት፣ ያው ንግግር ይመለሳል፤ አሁን ግን የምናውቀው ሌላ ነው። ኤንጅል ነፍሱ ከተመለሰችለት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከጓዶቹ ደብቆ እንደ ቀድሞው ጨካኝ ለመምሰል እየታገለ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊትም ሕፃን የያዙ ሚስዮናውያንን እንዲደበቁ ትቷቸዋል። ቅናት የመሰለን ሥቃይ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለቱም ተከታታዮች አንድ ትዕይንት ይካፈላሉ፤ አንዱ ክፍል ግን የሌላው «ሁለተኛ ክፍል» አይደለም። የመጀመሪያው የስፓይክ ነው፤ ትምክህቱና ከሥሩ ያለው ውርደት በዚያው ክፍል መጨረሻ ይገለጣል። ሁለተኛው የኤንጅልና ኤንጅልን ቫምፓየር ያደረገችው የዳርላ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሰው የኤንጅልን ፊት በተሳሳተ መንገድ ቢያነብም ታሪኩ አልተበላሸበትም። ሁለቱን ያየው የሚያገኘው ትርፍ ደግሞ አንድ እርምጃ ሁለት ሰዎች በተለያየ ልብ እንደተራመዱት ማወቁ ነው። ከዚህ የተሻለ የክሮስኦቨር አሠራር አላየሁም።

ነገሩ የሚበላሸው የንግዱ ምክንያት ከታሪኩ ምክንያት ቀድሞ ሲገኝ ነው። የታወቀው ምሳሌ ማርች 5 ቀን 1995 የተላለፈው የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ክፍል ነው። «ዘ ክሪቲክ» የተባለው ሌላ የካርቱን ተከታታይ ከኤቢሲ ወደ ፎክስ ጣቢያ ሲዛወር ሁለቱንም የሚያመርተው ጄምስ ብሩክስ የ«ክሪቲክ»ን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ የፊልም ሐያሲውን ጄይ ሸርማንን፣ በሲምፕሰኖች ከተማ በስፕሪንግፊልድ የፊልም ፌስቲቫል ዳኛ አድርጎ አስገባው። የሲምፕሰንስ ፈጣሪ ማት ግሬኒንግ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ያልሠራው ሥራ በስሙ እንዲቆጠርም ሆነ የሌላ ካርቱን ሰው ወደ ሲምፕሰኖች ዓለም እንዲገባ አልፈለገም። በመጨረሻም ስሙ ከዚያ ክፍል እንዲወጣ አደረገ። ፍርዴን ልናገር፦ ክፍሉን ለብቻው ስመለከተው ታሪኩ አሁንም የሲምፕሰኖች ነው፤ በሸርማን የሚቀናው የቤተሰቡ አባት ሆመር ነው፣ በዳኝነቱ የሚያመነታውም እሱ ነው፣ አሸናፊው ፊልምም የከተማው ሰው የባርኒ ነው። ግሬኒንግ ግን አልተሳሳተም። እንግዳው የመጣበት ምክንያት ከታሪኩ ውስጥ አልተወለደም፤ ከጣቢያው የሥርጭት ሰሌዳ ነው የመጣው። ባፊ ሎስ አንጀለስ የሄደችው ተቆጥታ ነው፤ ሸርማን ስፕሪንግፊልድ የሄደው ሊተዋወቅ ነው። እንግዳው ለምን አሁን፣ ለምን እዚህ መጣ ለሚለው ጥያቄ ከገጸ ባሕርያቱ ሕይወት መልስ ካላገኙ፣ በሚያዩት ክፍል ላይ ከጸሐፊው ሌላ አዛዥ አለበት።

የመብትና የጣቢያ ጉዳይ ታሪኩን ከሁለቱም ሊነጥቅ እንደሚችልም መጨመር አለብኝ። ሜይ 22 ቀን 2001 ባፊ በራሷ ሲዝን መጨረሻ ሞተች። ያን ምሽት ተከትሎ በተላለፈው «ኤንጅል» መዝጊያ ላይ ኤንጅል ከጉዞ ሲመለስ የባፊ ጓደኛ ዊሎው ተቀምጣ ስትጠብቀው ያያል። ዊሎው አትናገርም፤ ኤንጅል ግን ፊቷን አይቶ ጉዳዩ የባፊ እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ዝም ያለች እንግዳ አንድን ሞት ከቤት ወደ ቤት አሻገረች። በዚያው ዓመት ግን «ባፊ» ወደ ዩፒኤን ጣቢያ ተዛወረ፣ «ኤንጅል» በደብሊው ቢ ቀረ። ኦክቶበር ላይ ባፊ ከሞት ተነሥታ ኤንጅል ይህን ሲሰማ ሁለቱ በሁለቱ ከተሞች መሃል ተቀጣጥረው ይገናኛሉ፤ ያንን ግንኙነት ግን የትኛውም ተከታታይ አላሳየውም። በ«ባፊ» ስትሄድና ስትመለስ፣ በ«ኤንጅል»ም ተመልሶ ሲመጣ ብቻ እናያለን። ባለቤት ያልተገኘለት ትዕይንት ሳይቀረጽ ቀረ። መሻገሩ ለዘለዓለም አልተዘጋም፤ በ2003 ዊሎው ወደ «ኤንጅል» መጥታ ፌይዝን ይዛ ወደ ሰኒዴል ተመልሳለች፤ ያም የሠራው እንግዳዋ ለአስተናጋጁ ችግር የምታስፈልግ ሆና ስለመጣች ነው።

እርስዎ የትኛውን እንደሚከታተሉ አልነገሩኝም፤ በዚሁ ምሳሌ ልደምድም። «ባፊ»ን ብቻ የሚያዩ ከሆነ የኖቬምበር 23ቱን ክፍል አይተው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ባፊ ራሷ ከምታውቀው በላይ የሚያውቁት የለም፣ ድራማውም እንዲያውቁ አይጠብቅብዎትም። «ኤንጅል»ን ብቻ የሚያዩ ከሆነ የኖቬምበር 16ቱን መጨረሻ ሳያዩ ወደ 23ቱ አይዝለሉ፤ የባፊ ቁጣ መነሻው እዚያ ነው። ሁለቱንም ማየት ከፈለጉ ደግሞ ዛሬ እያንዳንዱ ተከታታይ ለብቻው ተሰድሮ ስለሚቀመጥ የአንዱን ሲዝን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ድልድዮቹ ይሰበራሉ፤ በተላለፉበት ቀን ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ «ባፊ» ከዚያ «ኤንጅል» እያፈራረቁ ይዩዋቸው። ቀኑ ተመልሶ ባፊ ተሰናብታ ስትወጣ ካሜራው ከማን ጋር እንደሚቀርም ያኔ ልብ ይበሉ።